ከጅቡቲ የመጣልኝ ፎቶግራፍ

ይህን እናቴ ሳትሰማው ሞተች። አዲስ አበባ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት አብረውኝ አራት ዓመት ያደሩት ጓደኞቼም አያውቁትም፤ ሌላውን ጉዴን ሁሉ ያውቃሉ። ለእናንተ ነው መጀመሪያ የምናገረው፤ አታውቁኝምና አፍሬ አላቋርጠውም። ሰው ለሚያውቀው ሰው ሲናዘዝ ይቆራርጠዋል። እኔ ቆራርጬ ማቅረብ አልፈልግም።

እኔ ዘሃራ ነኝ፤ የሸዋ ሮቢት ልጅ። እኔ አንዲት ሴት ለጣልያን አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ማንም አልደበደበኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። በገዛ እጄ ነው።

ጽጌ የሚሏት ጓደኛ ነበረችኝ። ቤታቸው ከቤታችን በአንድ የእሾህ አጥር ብቻ ይለያል። እነሱ ክርስቲያን፣ እኛ እስላም፤ እናቶቻችን ግን ያማጡት በአንድ ሌሊት ነው፤ የጥር ሥላሴ ማግስት። አባቷ ጋሼ ተክሌ ከጦርነቱ በፊት የኬላው ጸሐፊ ስለነበሩ የሁለታችንንም የልደት ቀን በዳዊታቸው መጨረሻ ባዶው ቅጠል ላይ ጽፈውታል። በእኛ ሰፈር የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ ልጅ አልነበረም፤ «የአንበጣ ዓመት ነው»፣ «በቅሎዋ የሞተች ጊዜ ነው» ይባላል እንጂ። እኔና ጽጌ ግን ቀናችንን እናውቅ ነበር። በዓመት አንዴ ጋሼ ተክሌ ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥተው ያነቡልናል። ፊደልም ያስቆጠሩን እሳቸው ናቸው፤ በከሰል፣ በጣውላ ላይ። እኔ ቶሎ ያዝሁ፤ ጽጌ ዘገየች፤ እሷ ግን ከእኔ ይበልጥ ያምር ነበር አጻጻፏ።

ጣልያን ሲገባ ጋሼ ተክሌ ጽጌን ይዘው ጠፉ። ጽጌ አልተሰናበተችኝም። ጠዋት ሸንኮራ ልንሰርቅ ተቀጣጥረን ነበር፤ አጥሩ ሥር ቆሜ ፀሐይ እስኪከርር ጠበቅኋት። እናቷ እትዬ በላይነሽ ወጡና «ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል፤ ግቢ አንቺ ልጅ፣ ትጠቁሪያለሽ» አሉኝ። እሳቸው የቀሩት ስለ መሬቱ ነው። በሮቢ ወንዝ ዳር፣ ሎሚና ብርቱካን ያለበት፣ ውሃ የሚጠጣ መሬት ነበራቸው። ትተውት ቢሄዱ በማግስቱ ሌላ ሰው ይገባበታል።

ዝናቡ አልፎ ወባው በሚበረታበት ወር መርዶ መጣ። አባትና ልጅ አዋሽ በረሃ ላይ በንዳድ አለቁ ተባለ። አስከሬን የለም። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ እንደሚደረገው የሟች ልብስ ተዘረጋ፤ የጋሼ ተክሌ በርኖስና የጽጌ አረንጓዴ ቀሚስ። እትዬ በላይነሽ ፀጉራቸውን ተላጩ፤ ጥቁር ለበሱ።

እኔ ምን አደረግሁ? ቀሚሷን ታቅፌ ተንከባለልሁ። ፊቴን በጥፍሬ ተለተልሁት። እናቴ እጄን ጠምዝዛ «ሐራም ነው፤ ለሞተ ሰው ተብሎ ፊት አይቧጨርም፣ አላህን ፍሪ» ስትለኝ ነክሻታለሁ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም። ቁስሉ አመርቅዞ ግራ ጉንጬ ላይ እስከ ዛሬ ሁለት መስመር ትቶልኛል። በገበያ ቀን ሰው ለሰው ያሳየኝ ነበር፤ «የጸሐፊው ልጅ ስትሞት ፊቷን የበላችው ያቺ ናት» እያለ። እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ሞቶብኛል፤ እንደዚያ አላለቀስሁም።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ልምጣ።

የልደታችን ቀን ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቶኛል። ጋሼ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ጨውና አቡጀዲ ከድሬዳዋ እያመጡ የሚሸጡ፤ አንዳንዴም በአፋር በኩል እስከ ጅቡቲ የሚዘልቁ። እኔ ለብቻዬ በመስኖ የበቀለ ማሽላ ስጠብቅ ወደ ማሳው መጡና ከአቡጀዲ ጥቅል መካከል አንድ ካርቶን አውጥተው ሰጡኝ።

«አንብቢው፤ ለእትዬ በላይነሽ አሳዪያት፤ ከዚያ አቃጥይው» አሉኝ። «ሰምተሻል? እኔ አላየሁም፤ አንቺም አላየሽም።»

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«የሞተ ሰው ሰላም ይልሻል» ብለው ሳቅ እያሉ አህያቸውን ነዱ።

ገለበጥሁት። ጽጌ ናት። ረዝማለች። የፈረንጅ ጫማ አድርጋለች፤ ከኋላዋ የተሳለ መጋረጃ አለ፤ የባሕርና የመርከብ። ጋሼ ተክሌ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እሷ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋለች። ሥዕሉ የተለጠፈበት ካርቶን ከታች ጥግ ላይ የፎቶ አንሺው ማኅተም በፈረንሳይኛ ተረግጦበታል። ያን ጊዜ አላነበብሁትም፤ ሊያነበው የሚችል ሰው ግን ነበረ።

ጀርባው ላይ በሐምራዊ ቀለም ተጽፏል። መጀመሪያ ሰፋ ሰፋ አድርጋ ጀመረች፤ ቦታ ሲያልቅባት ፊደሉ እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻም ካርቶኑን አዙራ በጠርዙ ዙሪያ ጻፈች። ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት! ቃል በቃል ይኸው፦

«ለዘሃራ እህቴ፤ ለልደታችን ቀን። ዐሥራ አራት ሞላን። እዚህ አገር ፈረንጆች በተወለዱበት ቀን ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ከጀርባው መልካም ቃል ጽፈው ለሚወዱት ይልካሉ። እኔም አባባን ለምኜ ተነሣሁልሽ። የሸንኮራውን ነገር ታስታውሻለሽ? ሼህ እንድሪስ ሲያባርሩን አንቺ ጫማሽን ጥለሽ፣ እኔ ሸንኮራውን ሳልጥል! ፍየሏ የአባባን ደብዳቤ የበላች ቀንስ? ሮቢ ሞልቶ ሲወስድሽ በነጠላሽ ጎትቼ ያወጣሁሽስ? እዚህ ውሃው ሁሉ ጨው ነው፤ ሮቢ ይናፍቀኛል። ጓደኛ አላበጀሁም። እማማን ሳሚልኝ፤ አባባም ሰላም ይልሻል። እንኳን ተወለድሽ። ለመታሰቢያ ይሁንሽ። የአንቺው ጽጌ።»

ሰው የሞተበት ሰው በሕይወት አለ ቢባል ምን ያደርጋል? ይሰግዳል፤ ያለቅሳል፤ ይጨፍራል። እኔም ለጥቂት ጊዜ፣ አንድ ማሰሮ ውሃ ለመቅዳት ለሚበቃ ያህል ጊዜ፣ ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ እጄ ወደ ጉንጬ ሄደ።

እኔ ስላንቺ ፊቴን አበላሽቻለሁ፤ አንቺ ስለ ፍየል ትጽፊልኛለሽ? ለቅሶሽን ተቀምጫለሁ፤ አንቺ ፎቶ ትነሻለሽ? ደግሞስ ሮቢ ሲሞላ የወሰደው ማንን ነው? እሷን ነው። እኔ ነኝ ያወጣኋት፤ በነጠላም አይደለም፣ በፀጉሯ ነው፤ ነጨሽኝ ብላ አንድ ሳምንት አኩርፋኛለች። ለልደቴ የላከችልኝ ስጦታ ውስጥ እኔ የሠራሁትን እንኳ ወስዳብኛለች። ይህ ትንሽ ነገር ነው ትላላችሁ። ትንሽ ነው። እኔም የሠራሁት ነገር ከትንሽ ነው የጀመረው።

ወደ እትዬ በላይነሽ ሄድሁ። ሎሚ እየለቀሙ ነበር። ፎቶግራፉን ሲያዩ ተቀመጡ፤ የልጃቸውን ፊት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያም ከንፈራቸውን አስነኩት። አልገረማቸውም። ይህ ነው የገደለኝ፤ አልገረማቸውም።

«ያውቁ ነበር» አልኋቸው።

«አውቅ ነበር ልጄ።»

«የመርዶው ቀንም?»

«እኔ ነኝ መርዶውን ያስነገርሁት።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባሏ የሸፈተና የተሰደደ ሴት መሬቷ ይወረሳል፤ እሷም ትታሰራለች። የሞተባት ግን መበለት ናት፤ ይተዋታል። ምን ላድርግ?»

«ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

ጉንጬን ያዙኝ። በሎሚ እጃቸው ጠባሳው ላይ፤ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። «አንቺ እንዲያ ባታለቅሺ ማን ያምነን ነበር? የእኔን ለቅሶ ሰው ይጠረጥረዋል፤ የአንቺን ግን ማን ይጠረጥራል? ያዳንሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንባሽ ነው ያዳነኝ። በይ አሁን አቃጥይው።»

እሳቸው ምስጋና መስሏቸው ነው። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። እኔ የሰማሁት፣ አንቺን እንደ ማስረጃ ወረቀት ተጠቀምንብሽ የሚል ነው። የዚያን ጊዜ ተነሥቼ «ጎዱኝ» ብላቸው፣ ባለቅስ፣ ብሰድባቸው ኖሮ ይኸው ነገር እዚያው ባለቀ። አልተሳደብሁም። «እሺ እትዬ፣ አቃጥለዋለሁ» አልሁ። ፎቶግራፉን በቀሚሴ ሥር ወገቤ ላይ በመቀነት አሰርሁት። አላቃጠልሁትም።

ስንት ቀን ይዤው እንደዞርሁ ልንገራችሁ? ዘጠኝ። ማሳ ላይ እያወጣሁ አነበዋለሁ። መጀመሪያ እስቃለሁ፤ ጫማዬን መጣሌ እውነት ነው። ከዚያ «ጓደኛ አላበጀሁም» የሚለው ላይ ስደርስ እንባዬ ይመጣል። ከዚያ ጠርዙን ዞሬ «እማማን ሳሚልኝ» የሚለውን ሳነብ ያንገበግበኛል። ሳሚልኝ! እኔ መልእክተኛ ነኝ፤ አልቃሽ ነኝ፤ ሁሉን ነኝ፤ የሚታመን ሰው ብቻ አይደለሁም።

በዐሥረኛው ቀን ተጠራሁ።

ጣልያን ከጣርማ በር በታች መንገዱን እየቀደደ ወደ እኛ ወርዶ ነበር፤ የሠራተኛው ሰፈር አትክልት የሚያበቅልበት የወንዝ ዳር መሬት ይፈለግ ነበር። ስለዚህ ባል የሌላቸው ሴቶች መሬት ይመረመር ጀመር፤ ባልየው ሞቷል ወይስ ተሰዷል? መሞቱን ጎረቤት ይመሰክራል። ለእትዬ በላይነሽ ምስክር እንድሆን ስሜን የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ማንን ይስጡ? ከእኔ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

የጣልያኑ ሹም የሚሠራበት ቤት የቀድሞው ኬላ ነው፤ ጋሼ ተክሌ ይቀመጡበት የነበረው ጠረጴዛ እንኳ አልተለወጠም። ሹሙ በላብ ተነክሮ በባርኔጣው ራሱን ያራግባል። አስተርጓሚው ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። እትዬ በላይነሽ በጥቁር ልብሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱልኝ፤ አይዞሽ እንደማለት።

«ፊቷ የሚመሰክረው ይቺ ናት?» አለ አስተርጓሚው። «ነይ ወደ ብርሃኑ። አዪ! ድመት እንኳ እንዲህ አትቧጭርም። ለማን ብለሽ ነው?»

«ለጓደኛዬ።»

«ሞታለች?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። አዎ ብዬ ብወጣ ሁሉም በዚያው ይዘጋል። ያውም የለመድሁት ቃል ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለው የኖርሁት። ያን ጊዜ ግን እኔ የማስበው ስለ መሬቱ አልነበረም፤ ስለ ጣልያንም፣ ስለ አገርም አልነበረም። የማስበው ዳግመኛ በዚህ ፊቴ ሊጠቀሙብኝ ነው የሚለውን ብቻ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ። አሁን ደግሞ እያወቅሁ።

እጄን ቀሚሴ ሥር አገባሁ፤ ፎቶግራፉን ከመቀነቴ ፈታሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ። ጽሑፉን እንዲያዩት።

አንድም ቃል አልተናገርሁም። ብዙ ጊዜ ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነው፤ «እኔ ምንም አላልሁም» እያልሁ። ውሸት ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ፎቶግራፍ ይናገራል። አስተርጓሚው ጽሑፉን ጮኾ አነበበው፤ ስለ ፍየሏ ያለውን ሲያነብ ሳቀ፤ ለሹሙም ሲተረጉምለት ሹሙም ሳቀ። ከዚያ «አባባም ሰላም ይልሻል» የሚለው ላይ ደረሰ። ገለበጠው። ማኅተሙን በጣቱ አሳየው። ሹሙ «ጂቡቲ» አለ፤ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

እትዬ በላይነሽ አልጮኹም። አልረገሙኝም። «ዘሃራዬ» ብቻ አሉ፤ አጥር ሥር ቆሜ ፀሐይ ሲከርርብኝ እንደጠሩኝ አድርገው።

የዚያኑ ቀን በካሚዮን ወደ ደብረ ሲና ተወሰዱ። ሎሚው ተቆረጠ፤ ብርቱካኑ ተቆረጠ፤ ቲማቲም ተተከለበት። ደብረ ሲና ዳገት ነው፤ ጉም ነው። የቆላ ሰው በስስ ነጠላ እዚያ እስር ቤት ሲታሰር ምን እንደሚሆን አስቡት። አንድ ክረምት አለፉ። ሁለተኛውን አላለፉም።

ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው። ሁለተኛውን ካልነገርኋችሁ ኑዛዜው ግማሽ ነው።

ጠላት በወጣ ጊዜ ጽጌ ከአባቷ ጋር ተመለሰች። እንደ መጣች የእናቷን ለቅሶ ተቀመጠች፤ ይህኛው እውነተኛ ነው። እኔን ስታይ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጠባሳዬን ስማ «ይህ በእኔ ነው አሉ» አለችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «ለልደታችን የላክሁልሽ ፎቶግራፍ ደርሶሽ ነበር?»

«አልደረሰኝም» አልኋት።

ማሰቢያ ጊዜ እንኳ አልወሰድሁም። እንዴት ቶሎ ወጣ ከአፌ! የዚያን ቀን ኬላው ውስጥ ከእኔና ከእትዬ በላይነሽ በቀር የኛ ሰው አልነበረም፤ አስተርጓሚውም ከጌቶቹ ጋር ሄዷል። ሰው የሚያውቀው በፎቶግራፍ ምክንያት እንደተያዙ ብቻ ነው። እኔ ካልደረሰኝ ታዲያ ማን አሳልፎ ሰጣቸው? ተሸካሚው።

ጋሼ ሰይድን ሽማግሌዎች ፊት አቆሟቸው። «ለዘሃራ ሰጥቻታለሁ፤ ማሽላ ስትጠብቅ፤ በእጇ» አሉ። ቁርአን ይዘው ማሉ።

«አንቺስ?» አሉኝ።

እኔ አልማልሁም፤ ማን እንድምል ይጠይቀኛል? ማልቀስ ጀመርሁ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ስለ እትዬ በላይነሽ ነበር የማለቅሰው፤ ከእንባው ግን አንዱንም አላባከንሁም፤ ፊቴን ቀና አድርጌ አለቀስሁ። አንዱ ሽማግሌ «ይችን ልጅ ተዉአት፤ ለዚያ ቤት ያለቀሰችውን አገር ያውቃል» አለ። ጋሼ ሰይድ አዩኝ። «እሺ፤ አላህ ያያል» አሉና ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ።

ተረዱልኝ፤ ሴትዮዋ በእንባዬ ተጠቀሙ ብዬ የተቆጣሁ እኔ ነኝ። እኔ ራሴስ በምን ተጠቀምሁ? እሳቸው ቤታቸውንና መሬታቸውን ለማዳን ነው። እኔ ማንን ለማዳን?

ከዚያ ወዲያ ለጋሼ ሰይድ ጭነት የሚሰጥ ጠፋ። በሐዘንም በሠርግም የሚጠራቸው ጠፋ። ሰላምታ ሲሰጡ የሚመልስ ጠፋ። አሁን ጀውሃ መንገድ ዳር፣ ካሚዮኖች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ በአንድ ጆንያ ላይ ጨው ዘርግተው ይሸጣሉ። አምና ለዕረፍት ቤት ገብቼ፣ ከሸዋ ሮቢት አልፌ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ አውቶቡሱ እዚያ ቆመ። በመስኮት አየኋቸው። አረጁ። አልወረድሁም። እኔ እንደ ልቤ የምናገር፣ የማልፈራ፣ መምህሮቼን እንኳ የምከራከር ሴት ነኝ ይባላል። ከአውቶቡስ ግን አልወረድሁም።

ልጅ ነበርሁ ልበል? የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ፎቶግራፉን በጀርባው አታስቀምጥም፤ እኔ የትኛው ወገን እንደሚያስይዛቸው አውቄ ነው ያስቀመጥሁት። ሽማግሌዎቹ ፊት ስቆም ደግሞ ልጅ አልነበርሁም። ተበድዬ ነበር ልበል? ተበድያለሁ፤ እውነት ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ሕመሙ የእኔ ነው። እትዬ በላይነሽ የሞቱት ግን በሕመሜ አይደለም፤ በእጄ ነው።

ጽጌ አሁንም በየዓመቱ የጥር ሥላሴ ማግስት ካርድ ትጽፍልኛለች። ዘንድሮ የጻፈችልኝ «ከእናቴ ቀጥሎ ያለቀስሽልኝ አንቺ ነሽ» ብላ ነው። መልስ አልጻፍሁላትም። መልሱ ይህ ጽሑፍ ነው፤ ከእናንተ እጅ በፊት እሷ እጅ ይገባል። ሁለተኛውን ቅጂ ለሽማግሌዎቹ ልኬዋለሁ፤ ዓርብ ከሰላት በኋላ በሕዝቡ ፊት እንዲነበብ፣ ስሜ ሳይሰወር።

ይቅርታ አልለምናችሁም። የበደልሁት እናንተን አይደለም፤ የበደልኋቸው ሴት ደግሞ በሕይወት የሉም። ጽጌ ብትረግመኝ እቀበለዋለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። በጀውሃ ስታልፉ መንገድ ዳር ጨው የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ታያላችሁ። ሰላም በሏቸው። ለዘሃራ ሰጥቻታለሁ ብለው ነበር፤ ቁርአን ይዘው።

ሰጥተውኛል።